ስማቸውን ቀይሬ ነበር፤ ተራው ግን በአንድ ቀን አወቃቸው

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ድርጅት ሥራ ሰጠኝ። ስሙ ይቆየን። መርካቶ ውስጥ አነስተኛ ንግድ ለሚሠሩ እናቶች መነሻ ገንዘብ የሚሰጥ ነው። ዓመታዊ ሪፖርቱ ወፍራም ነው፣ ቁጥርና ሠንጠረዥ የሞላበት። ማንም አያነበውም። እነሱም ይሄን ያውቃሉ። ስለዚህ «ከተጠቃሚዎቻችን የአንዷን ታሪክ አጠር አድርገሽ ጻፊልን፣ ሰው ስልኩ ላይ የሚያነበው ነገር ይሁን» አሉኝ።

ከአንዲት እናት ጋር አገናኙኝ። ግማሽ ቀን አብሬያቸው ዋልኩ፣ ቡና አጠጡኝ፣ ሕይወታቸውን አጫወቱኝ። ስጽፍ ስማቸውን ቀየርኩ። ፊታቸው እንዳይታይ ፎቶውን ከኋላ አነሳሁ። የፈቃድ ፎርሙን ድርጅቱ አስፈርሟል። በቃ፣ ሁሉንም አሟልቻለሁ ብዬ ላክሁ። ጽሑፉ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ወጣ፣ ላይክም ጎረፈለት።

ሳምንት ሳይሞላ ደወሉልኝ። አከራያቸው ኪራይ ሊጨምር ነው። «ድርጅት ብር ሰጥቶሻል አሉ፣ ስልክ ላይ አየነው» ብሏቸዋል። ዱቤ ያለባቸው ነጋዴም ቀኑ ሳይደርስ መጥቶ ጠየቃቸው። የእቁብ ጓደኞቻቸው ደግሞ «ለኛ የለኝም እያልሽ» ብለው አኮረፉ። እኔ ግራ ገብቶኝ «ስምዎን እኮ ቀይሬዋለሁ፣ ፊትዎም አይታይም» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ስሜን ቀየርሽ፤ እቃዬን ግን አልቀየርሽም።»

እቃው ምን እንደሆነ፣ የትኛው ተራ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ይሄን ያህሉን እንድናገር ፈቅደውልኛል፣ ከዚህ በላይ ግን አልፈቀዱም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር አንቀልባ ላይ እንዳለ ልጅ ይዤው ነው የምዞረው። የሰውን ማንነት ስንደብቅ ከማን ነው የምንደብቀው?

ብዙዎቻችን የምናስበው ከማናውቀው ሕዝብ ነው። ቦሌ ተቀምጦ የሚያነብ፣ ጅማ ያለ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ያለ። እነዚህ ሰዎች ስሙ ቢነገራቸውም ባይነገራቸውም ምንም አያደርጉም። ሰውየዋን አያውቋትማ። ጉዳት የሚያደርሰው አንባቢ ቀድሞ የሚያውቃት ነው፤ አከራይዋ፣ አሰሪዋ፣ የቀድሞ ባሏ፣ ከገጠር ያመጣት ደላላ። እነሱ ደግሞ ለማወቅ ስም አያስፈልጋቸውም። መርካቶን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ አንድ ተራ ላይ ጎን ለጎን አሥርና ሃያ ዓመት የተቀመጡ ሰዎች አሉ። የማን ልጅ ታመመ፣ ማን ሸራ ቀየረ፣ ማን ዕዳ ገባ፣ ሁሉም ይታወቃል። እኔ ያነሳሁት ፎቶ ላይ ፊት አልነበረም። ከኋላ የተወጠረው ሸራ ግን ነበር።

ነገሩን በደንብ ለማየት እስቲ እውነተኛ ሪፖርት እንያዝ፣ ያውም እዚሁ መርካቶ የተጀመረ ፕሮግራም ሪፖርት።

እ.ኤ.አ. በ2006 (በኛ 1998 አካባቢ) ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለ ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ከመንግሥት የወጣቶችና ስፖርት መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ መርካቶ አካባቢ «ብሩህ ተስፋ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ለማን መሰላችሁ? ትምህርት ቤት ለማይሄዱ ልጃገረዶች። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ሰው ቤት የሚሠሩ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ከቤት ስለማይወጡ ማስታወቂያ ለጥፎ መጠበቅ አይሠራም። ስለዚህ አካባቢውን የሚያውቁ ሴቶች፣ የቡድኑ መሪዎች፣ በር እያንኳኩ ነበር የሚፈልጓቸው። አሰሪዎችንም «ለተወሰነ ሰዓት ልቀቋት» ብለው ይለምናሉ፣ ያግባባሉ። ልጆቹ በቡድን ይሰበሰባሉ፣ ማንበብና መጻፍ ይማራሉ፣ ስለ ጤናቸውና ስለ ኤችአይቪ ይማራሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጓደኛ ያገኛሉ። ፕሮግራሙ በኋላ ወደ 18 ከተሞች ሰፍቶ ከ60,000 በላይ ልጃገረዶች ጋ ደርሷል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ግምገማ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ፕሮግራሙ ባለበት ያሉ ልጃገረዶች ከሌለበት ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ «ማኅበራዊ ድጋፍ አለኝ» የማለት ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር።

እንግዲህ ይሄን ዓረፍተ ነገር ስልክ ላይ ለሚያነብ ሰው ወደ ታሪክ ቀይሩ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? የመጀመሪያው ስሜት «አንዷን ልጅ ፈልጌ ልጻፋት» ነው። ለማሳያ ያህል አንዲት ልጅ በሐሳባችን እንፍጠር፤ በእውን የለችም። አብዛኛው ጸሐፊ እንዲህ ነው የሚጽፋት፦

«ልጅቷ (ስሟ የተቀየረ) 15 ዓመቷ ነው። በ12 ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ከደብረ ታቦር መጣች። አሁን ሰባተኛ አካባቢ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቤት ትሠራለች፣ የነጋዴውን መንታ ልጆችም ትጠብቃለች። አሰሪዋ የሦስት ወር ደመወዝ አልከፈለቻትም። ማታ ማታ ግን ከቡድኗ ጋር ፊደል ትቆጥራለች።»

ሲነበብ ያምራል፣ ልብም ይነካል። አሁን አንድ በአንድ እንቁጠር። 15 ዓመቷ የሆነ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስንት አለች? ብዙ። ከደብረ ታቦር የመጣች ስንል ቁጥሩ በጣም ይቀንሳል። ሰባተኛ አካባቢ፣ የጨርቅ ነጋዴ ቤት ስንል በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ። መንታ የሚለው ሲጨመር አንድ ሰው ብቻ ትቀራለች። እያንዳንዱ ዝርዝር ለብቻው ምንም አይደለም። ሲደራረቡ ነው ጣት የሚቀስሩት። እና ይሄን ጽሑፍ ጎረቤት ለአሰሪዋ ፎርዋርድ ሲያደርግላት «የሦስት ወር ደመወዝ አልከፈለቻትም» የሚለውን ስለ ራሷ ታነባለች። ያን ማታ ልጅቷ የት ታድራለች?

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ቆጠራ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ስለ ሰውየዋ ያስቀመጣችሁትን ዝርዝር ሁሉ ከጽሑፉ ላይ ነጥላችሁ አውጡና አከራይዋን ወይም አሰሪዋን ሆናችሁ አንብቡት። «እሷን የመሰለ ሌላ ሰው እዚህ ሰፈር አለ?» በሉ። መልሱ «ኧረ እሷው ናት» ከሆነ ስም መቀየሩ ምንም አልሠራም። ከሁሉ በፊት የሚወጡት እምብዛም ሌላው ሰው የሌለው ነገሮች ናቸው። መንታ፣ የተለየ ሕመም፣ የተለየ እቃ፣ እሳት የተነሳበት ቀን፣ ትክክለኛ የገንዘብ መጠን። ታሪኩን «ሕይወት ይዘሩበታል» የምንላቸው ዝርዝሮች ማለት ነው፣ ያሳዝናል ግን እነሱው ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ሌላ ስህተት አለ። ደብረ ታቦርን በወልዲያ ይተካል፣ የጨርቅ ነጋዴውን ወርቅ ሻጭ ያደርገዋል። ይሄ ሁለት ችግር ያመጣል። አንደኛ ውሸት ነው፣ አንባቢው ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ ነው የተሰጠው። ሁለተኛ፣ ከወልዲያ የመጣች፣ ወርቅ ሻጭ ቤት የምትሠራ እውነተኛ ልጅ ልትኖር ትችላለች። ምንም ሳታውቅ መዘዙ እሷ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አትተኩ፣ ቀንሱ። ከደብረ ታቦር የሚለውን «ከገጠር» በሉት። 15 የሚለውን «በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች»። ሰባተኛ የሚለውን «መርካቶ አካባቢ»። መንታዎቹ ጭራሽ ይውጡ። ስሟን ከቀየራችሁ መቀየሩን ግለጹ፣ የቀነሳችሁት ዝርዝር እንዳለም ለአንባቢው በአንድ መስመር ንገሩት። የሁለት ሦስት ልጆችን ታሪክ አዋህዳችሁ አንድ ካደረጋችሁ ደግሞ ያንን ሳይናገሩ ማለፍ ማጭበርበር ነው።

ደመወዙስ? እውነት ነው፣ ከባድ በደል ነው፣ መነገር አለበት። ግን አሁን እየተፈጸመ ያለ በደል ስትሰሙ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ኪቦርድ አይደለም፤ ወደ ቡድኗ መሪ ወይም ወደ ድርጅቱ ነው፣ ልጅቷ ከተስማማች። ጽሑፍ ላይ ከገባም የእሷ ታሪክ ሆኖ ሳይሆን «ከልጆቹ አንዳንዶቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም» ተብሎ ለብቻው ይገባል፣ በእርግጥ አንዳንዶቹ ካሉ።

«ታዲያ ሁሉንም ካወጣን ምን ቀረ? ባዶ ሆነ እኮ» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። ግን ወደ ሪፖርቱ ተመለሱና «ማኅበራዊ ድጋፍ» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። የዚህ ዓይነት ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች ልጅቷን «ማኅበራዊ ድጋፍ አለሽ ወይ?» ብለው አይጠይቋትም፤ ማንም አይገባውም። የሚጠይቁት ቀላል ነገር ነው። ብር ቢቸግርሽ የሚያበድርሽ ሰው አለ? ችግር ቢገጥምሽ የምታድሪበት ቤት አለ? የልብሽን የምታጫውቻት ጓደኛ አለሽ?

እነዚህ ጥያቄዎች ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ልጅቷ መጀመሪያ ቡድኑን ስትቀላቀል «ዛሬ ማታ ከዚያ ቤት ብትወጪ የት ታድሪያለሽ?» ስትባል ዝም ብላ መሬት መሬት ታያለች። ከወራት በኋላ ያንኑ ስትጠየቅ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ዞር ብላ ታያታለች። በቃ ይሄው ነው። ደብረ ታቦር የለም፣ መንታ የለም፣ ሰባተኛ የለም፤ ግን አንባቢው «ከሁለት እጥፍ በላይ» የሚለው ቁጥር ውስጥ ምን እንዳለ ገብቶታል። ማንነትን የሚጠቁሙት የውጪ ዝርዝሮች ናቸው፣ የት ቤት፣ ማን ዘንድ፣ ከየት። ታሪክን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ የውስጡ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክልበት። ቁጥሩ የብዙ ልጆችን መልስ አነጻጽሮ የተገኘ ነው። አንዲት ልጅ ጓደኛ ማግኘቷ ፕሮግራሙ መሥራቱን አያረጋግጥም፣ እሷ በራሷ ልታገኝ ትችል ነበር። ታሪኩ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ያሳያል እንጂ ማስረጃው አይደለም። ድርጅቶች «ሕይወቷ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ» እንድትሉላቸው ሲገፏችሁ ይሄን አስታውሱ።

አሁን ወደ ፈቃድ እንምጣ። እኔ ተይዤ የወደቅሁበት እዚህ ነው። ፎርም ነበር፣ ተፈርሟል። በኋላ ሴትየዋን «ለምን ፈረሙ ታዲያ?» ስላቸው፣ «እምቢ ብል የሚቀጥለውን ብር የሚከለክሉኝ መስሎኝ» አሉኝ። ማንም እንዲህ አላላቸውም። ግን ፎርሙን የሰጣቸው ገንዘቡን የሰጣቸው ሰው ነው፣ በዚያው ቢሮ፣ በዚያው ጠረጴዛ። እጅ ከፈረመ በኋላ ልብ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?

ስለዚህ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የድርጅቱ ሠራተኛ በሌለበት እጠይቃለሁ፣ እምቢ ማለት ከሚያገኙት ድጋፍ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ድርጅቱ ራሱ ቀድሞ እንዲነግራቸው አደርጋለሁ። ቀጥሎ «ኢንተርኔት ላይ ይወጣል» ብዬ አላልፍም። ስልኬን አውጥቼ ገጹን አሳያለሁ። ሰው ምን ኮሜንት እንደሚጽፍ፣ ክፉውንም ጭምር፣ አስነብባለሁ። አንድ ፖስት በአንድ ጠቅታ ወደ ተራው የቴሌግራም ግሩፕ እንዴት እንደሚሄድ አሳያለሁ። ብዙ ሰው «ጋዜጣ» ሲባል የሚያስበው ወረቀት ነው፣ ነገ ስኳር ይጠቀለልበታል ብሎ።

ከዚያ ከሁሉም የሚበልጠውን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ «ይሄን ማን ቢያየው ያስጨንቅዎታል?» ፎርም ላይ ይሄ ጥያቄ አይቼ አላውቅም። መልሱ ግን ጽሑፉን ይወስነዋል። አንዷ አከራይዋን ትላለች፣ ሌላዋ ሱቅ እንደምትጠብቅ እንጂ ሰው ቤት እንደምትሠራ የማታውቅ እናቷን። እኔ በግምት ፊት ስደብቅ፣ ሴትየዋ የምትፈራው ሸራውን ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱንም ቆራርጬ ነው የምጠይቀው። ታሪኩ ይሁን፣ ፎቶ አይሁን ሊሉ ይችላሉ። ፎቶ ይሁን ግን ድምፅ አይሁን ሊሉ ይችላሉ። የኛ ገጽ ላይ ይውጣ፣ ድርጅቱ ግን ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ፖስተር እንዳያውለው ሊሉ ይችላሉ። አንድ «እሺ» ለሁሉም አይሆንም። መልስ ለመስጠት ሁለት ሦስት ቀን ይኑራቸው። ተጽፎ ሲያልቅ ደግሞ አነብላቸዋለሁ። መርካቶ ውስጥ አማርኛ የሚነግድበት እንጂ የሚያስብበት ቋንቋ ያልሆነ ሰው ብዙ ነው። ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ፣ ኦሮምኛ የሚሻል ከሆነ የሚተረጉም ሰው ይፈለጋል፣ ያውም የሰፈሩ ሰው ያልሆነ፣ አለዚያ ሚስጥሩ በአስተርጓሚው በኩል ይወጣል። ሳነብላቸው «ይሄን አውጪው» ያሉት ይወጣል። ክርክር የለም። አንዴ በጣም የምወደውን አንቀጽ አስወጡኝ፣ ሁለት ቀን አኮረፍኩ፣ አወጣሁት።

ልጆች ሲሆኑ ጉዳዩ ሌላ ነው። በቤተሰብ ሕጋችን ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አካለ መጠን ያልደረሰ ነው። የልጅቷ እሺታ ያስፈልጋል፣ ግን አይበቃም። የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጨመራል። «ታዲያ አሰሪዋ ትፈርምላት» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አሰሪ አሳዳጊ አይደለችም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ልትደበቅ የሚገባት ዋናዋ ሰው እሷ ናት። እናቷ ገጠር ናት፣ ስልክ የላትም፣ ልጅቷም እናቷ እንድታውቅ አትፈልግም። ይሄኔ የልጅቷን ታሪክ አለመጻፍ ነው። ለዩኒሴፍ የተዘጋጀው ስለ ሕፃናት የመዘገብ መመሪያም ከሁሉ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው ይላል፣ ከዘገባውም ከዓላማውም በፊት። ግን መውጫ አለ። በር እያንኳኳች ልጆቹን የምታሰባስበው የቡድን መሪ አዋቂ ሴት ናት። የእሷን አንድ ቀን ጻፉ። ስንት በር አንኳኳች፣ ስንቱ ዘጋባት፣ አንዷን አሰሪ እንዴት አሳመነች። ከየትኛው በር የትኛዋ ልጅ እንደወጣች ሳይነገር ሁሉም እዚያው ውስጥ አለ።

«ሕጉስ ምን ይላል?» ለምትሉ፣ ባጭሩ። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ የተከለከለው ትናንት አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ላይ አለ። አንቀጽ 28 አንዳንድ ነገሮችን ነጻ ያደርጋል፣ ለምሳሌ የታወቁ ሰዎችን ፎቶና በአደባባይ የተደረጉ ሁነቶችን። «መንገድ ላይ ነው ያነሳኋት፣ አደባባይ ነው» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይንጠለጠላሉ። በኔ ንባብ የጥምቀትን በዓል ማንሳትና አንዲት ሻጭ ለይቶ አንስቶ «ድሃ ነበረች» ብሎ መለጠፍ አንድ አይደሉም። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይም አለ። አዲሱ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ጤናን የመሳሰሉ መረጃዎችን ለይቶ የበለጠ ጥበቃ ይሰጣቸዋል፣ ፈቃድ በተሰጠበት ጉዳይም ሰውየው ፈቃዱን መልሶ መውሰድ እንደሚችል ይደነግጋል። ይሄን የመጨረሻውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የአንዲት ኢትዮጵያዊት ፎቶ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ላስታውሳችሁ። በ1977ቱ ረሃብ የካናዳው ቴሌቪዥን ሲቢሲ ጋዜጠኛ ብራያን ስቱዋርት ትግራይ ውስጥ አንዲት ሕፃን ቀረጸ። ልትሞት ደቂቃዎች ቀርቷታል ተብሎ ነበር። ምስሉ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ለዓለም ታየ፣ ለረሃቡም ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። ሕፃኗ ብርሃን ወልዱ ትባላለች፣ አልሞተችም። እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ላይቭ 8 መድረክ ላይ ከማዶና ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ቆመች። ታሪኩ ደስ ይላል፣ እኔም ባየሁት ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ምስል ሲነሳ ሦስት ዓመት ገደማዋ ነበር። እሺም እምቢም ልትል አትችልም ነበር፤ እስከዛሬ ግን ስሟ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ያ ፊት ነው። ያኔ ምስሉ የሚሄደው በቴሌቪዥን ጣቢያ በኩል ነበር። ዛሬ እኔም እናንተም ኪሳችን ውስጥ ጣቢያ አለ።

ስለ ስልክ ካነሳን ሁለት ተራ ነገር። ፎቶ ስታነሱ ሎኬሽን በርቶ ከሆነ የተነሳበት ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን ሳይነካ ይሄዳል። ለኤዲተር ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለን በፋይል ነው የምንልከው፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ሎኬሽኑን አጥፉ። ሌላው ደግሞ ፊትን ወይም መታወቂያን በስልኩ ማድመቂያ ብዕር ጥቁር ቀብቶ መሸፈን ነው። ያ ቀለም ብዙ ጊዜ አሳላፊ ነው፣ ሰው ብርሃኑን ከፍ ሲያደርገው ከስሩ ያለው ይወጣል። ድፍን ሳጥን ተጠቀሙ፣ ወይም መጀመሪያውኑ እጅ፣ ደብተር፣ ባዶ ወንበር አንሱ።

አሁን ወደ መልሶ መውሰዱ። ለማናግረው ሰው ሁሉ ቁጥሬን እሰጣለሁ፣ «በማንኛውም ቀን ይውረድ ካሉኝ አወርደዋለሁ፣ ምክንያት አልጠይቅም» እላለሁ። ግን ከዚህ ጋር አንድ እውነት መናገር አለብኝ፣ ከመፈረማቸው በፊት። እኔ ማውረድ የምችለው የኔን ነው። ሌላ ሰው ያወረደውን፣ ፎርዋርድ ያደረገውን፣ ስክሪንሾት ያነሳውን አልችልም። ይሄን ስነግራቸው አንዳንዶቹ «እንግዲያው ይቅርብኝ» ይላሉ። ኤዲተሮች አይወዱትም፣ ታሪክ አመለጠ ይላሉ። እኔ ግን ያመለጠ ታሪክ ነው ብዬ አላስብም፤ የተመለሰ መልስ ነው።

የመጀመሪያዋን እናት ጽሑፍ በደወሉልኝ ቀን ከገጹ ላይ አስወረድኩት። ድርጅቱ ትንሽ አጉረመረመ፣ በመጨረሻ ግን ተስማማ። ኪራዩ ተጨመረባቸው፣ ቤቱን ግን አልለቀቁም። ከእቁቡ ጋር ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ታረቁ። አልፎ አልፎ በዚያ ሳልፍ ጎራ እላለሁ፣ ቡና ያጠጡኛል፣ ስልኬን ግን ቦርሳዬ ውስጥ እንድከት ያዙኛል።

ስክሪንሾቱ የተራው ግሩፕ ውስጥ አሁንም አለ። ባለፈው ሳምንት ራሳቸው አሳዩኝ።